ሰዓቱ 42.6 ይላል፤ መንገዱ ግን 42.195 ነው

ማራቶን ጨርሰው የጂፒኤስ የእጅ ሰዓታቸው ከ42.195 ኪሎ ሜትር በላይ መዝግቦ ያዩ ብዙ ሯጮች መንገዱ ረዝሟል ብለው አዘጋጁን ይወቅሳሉ። ዕውቅና ያለው የውድድር መንገድ ግን የሚለካው በጂፒኤስ ሳይሆን ጎማው ላይ ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት ነው። ለኪው የሚከተለው ሊሮጥ የሚቻለውን አጭሩን መስመር ነው፤ ኩርባ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ የሚርቀው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ርቀቱ እንዳያንስም በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል።

እኛ እንደዚያ አንሮጥም። የ90 ዲግሪ መታጠፊያን ከዚያ መስመር 3 ሜትር ወጣ ብሎ የዞረ ሰው 4.7 ሜትር ያህል ይጨምራል። እንዲህ ያሉ 40 መታጠፊያዎች ቢኖሩ 188 ሜትር ይሆናል። ሌሎችን ለማለፍና ውኃ ለማንሳት ግራ ቀኝ ማለቱም አለ። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ የጂፒኤስ ምልክት ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ ሰዓቱ ያልሮጥነውን ይመዘግባል። ልዩነቱ ቀስ በቀስ ካደገ ጥፋቱ በአብዛኛው የእግራችን ነው፤ በአንድ ቦታ በድንገት ከዘለለ የሰዓቱ ነው።

መፍትሔው ዓይንን ከፊት ካለው ሰው ጀርባ አንስቶ ወደ ቀጣዩ ኩርባ ውስጠኛ ጠርዝ መትከልና በሰያፍ ቀጥ ብሎ ወደዚያ መሮጥ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ለሯጮች የተከለለውን መንገድ ለቅቆ በእግረኛ መንገድ ማቋረጥ ግን ነው። በ3 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ለመጨረስ ያሰበ ሰው ሰዓቱ በሚያሳየው «5 ደቂቃ በኪሎ ሜትር» ቢተማመንና 42.6 ቢያስመዘግብ፣ የሚደርሰው በ3 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ፍጥነትን በመንገዱ ዳር ባሉት የኪሎ ሜትር ምልክቶች ማስላት ይሻላል።