3⁴¹ ለ23 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው?

ደብረ ማርቆስ የማስጠናቸው ልጆች ይህን ሲያዩ ካልኩሌተር ያነሳሉ። አያዋጣም። 3⁴¹ 20 አሃዝ ስላለው ካልኩሌተሩ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ይውጣቸዋል።

ይልቅ ቀሪውን ደጋግማችሁ በራሱ አባዙት። 3² 9 ነው። 9×9 81 ይሆናል፤ ለ23 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ይህ የ3⁴ ቀሪ ነው። 12×12 144 ነው፤ ስለዚህ የ3⁸ ቀሪ 6 ነው። በዚሁ መንገድ 3¹⁶ 13፣ 3³² ደግሞ 8 ይተርፋቸዋል። ከ22 የሚበልጥ ቁጥር ተሸክማችሁ አትሄዱም።

አሁን 41ን በትኑት፦ 32+8+1። የእነዚህን ቀሪዎች ብቻ አባዙ፦ 8×6×3=144፤ ቀሪው 6። 3¹⁶ መሸጋገሪያ ብቻ ነበር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ላይኛውን 41 ጭምር በ23 ሲቀንሱት ነው። 3¹⁸ ላይ ይደርሳሉ፤ ቀሪው 2 ይወጣል፣ ስህተት። 23 ፕራይም ስለሆነና 3ን ስለማያካፍል፣ ላይኛው ቁጥር የሚቀነሰው በ22 ነው። 3¹⁹ን ሞክሩት፤ 6 ይመጣል።