ቅንብር ፎቶ ምንድን ነው? «ባክግራውንዱን ብቻ ነው የቀየርኩት» ለሚሉ

«ሰውየውን አልነካሁትም፤ የቀየርኩት ባክግራውንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅንብር አይባልም።» ይህን ክርክር ደጋግሜ እያየሁት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከተለያየ ምንጭ የመጣ ምስል አንድ ፎቶ ሆኖ ከቀረበ ቅንብር ነው። የተቀየረው ከፊት ይሁን ከኋላ ለውጥ የለውም።

ባክግራውንድ ጌጥ ብቻ አይደለም። «የት? መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ፊርማው ትክክለኛ የሆነ፣ ቀኑና አድራሻው ግን ተፍቆ በሌላ የተተካ ደብዳቤ አስቡ። «ፊርማውን አልነካሁም» የሚለውን ማን ይቀበለዋል? እንዲያውም ውሸቱን የሚያሳምነው ፊርማው እውነተኛ መሆኑ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶ አንሺ ብራያን ዋልስኪ ኢራቅ ውስጥ ባስራ አካባቢ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አዋህዶ ላከ። ከአንዱ እጁን የዘረጋውን ወታደር፣ ከሌላው ልጅ የታቀፈውን ሰው ወሰደ። ሁለቱም የራሱ ናቸው፤ የተነሱትም በጥቂት ጊዜ ልዩነት ነው። ያጋለጠው ግን ባክግራውንዱ ነበር፤ ከኋላ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ታዩ። ከሥራው ተሰናበተ። በቦታው ያልነበረ ሰው አልጨመረም፤ ያልነበረ ቅጽበት ግን ፈጥሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የፀጉር ጠርዝ ደብዝዞ ስላያችሁ ብቻ «ቅንብር ነው» አትበሉ። የስልክ ፖርትሬት ሞድም ጠርዝ ያበላሻል። መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና እግር ሥር ያለው ጥላ ከሌሎቹ ጥላዎች ጋር ይስማማ እንደሆነ እዩ። ያም ቢሆን ቅርብ መብራት ካለ ጥላዎች በተለያየ አቅጣጫ ሊወድቁ ይችላሉ።

የሁነት ዜና ፎቶ ላይ መለያ መጻፍ ቅንብሩን አያድነውም፤ ባክግራውንዱ መቀየር የለበትም። ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ግን መለያው ይበቃል፤ በትክክል ከተጻፈ። አንዲት ተማሪ ራሷ ያነሳችው ተክል ጀርባ በኤአይ የተሠራ ረግረግ አስገባች እንበል። «ኤዲት የተደረገ» ብትል ምንም አልነገረችንም፤ ብርሃን ማስተካከልም ኤዲት ነው። «ተክሉ፦ የራሴ ፎቶ። ረግረጉ፦ በኤአይ የተሠራ፤ ተክሉ የተገኘበት ቦታ አይደለም» ብትል ግን አንባቢ ተክሉ ረግረግ ውስጥ ይበቅላል ብሎ አይደመድምም።

የመለያው ጽሑፍ ምስሉ ላይ ወይም ሥሩ ይሁን። ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ፣ ምስሉ ከኤአይ ሥራ ጋር የተቀናበረ መሆኑን የሚናገር `compositeWithTrainedAlgorithmicMedia` የሚባል መለያም አለ፤ ያወጣው አይፒቲሲ የተባለው የዜና ተቋማት የደረጃ አውጪ ድርጅት ነው፤ ጠቃሚ ነው፤ ግን አንድ ስክሪንሾት ያጠፋዋል።

ማስታወቂያ ላይ ጫማን ባለቀለም ባክግራውንድ ላይ ማስቀመጥ ማንንም አያታልልም። የሆቴል ክፍል መስኮት ላይ የሌለ ባሕር ማስገባት ግን ሌላ ነው። እንግዳው የሚከፍለው ለዚያ ባሕር ነው። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለማሳያ ብቻ» ማለትም ባሕሩን አያመጣለትም።