ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፦ የምስጋና ንግግር ከአልቃሽ ምን ይማራል?

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።» ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «ከአንጀት ካለቀሱ» ይለዋል፤ ሐሳቡ ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሰው ሰበብ ሲያበዛ ነው። «መምጣት ፈልጌ ታክሲ አጣሁ» ለሚል፣ «ልደውል ስል ካርድ አለቀብኝ» ለሚል ሰው የሚሰጥ መልስ ነው። ከልቡ የፈለገ መንገዱን አያጣም ማለት ነው።

ሌላም አጠቃቀም አለው። ስሜቱ እውነተኛ ከሆነ መግለጫው አይጠፋም ለማለትም እንጠቀምበታለን። እኔ ዛሬ የማነሳው ይህኛውን ነው። ምክንያቴ የመድረክ ምስጋና ነው። ምርቃት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ መጽሐፍ ሲመረቅ፣ ሰው በጡረታ ሲሸኝ፣ አመስጋኙ ወረቀት ያወጣና ስም ማንበብ ይጀምራል። ልቡ በምስጋና እንደተሞላ ፊቱ ላይ ይታያል። አዳራሹ ግን አንድም ነገር አይሰማውም። ታዲያ ከልብ ከሆነ እንባው የት ሄደ?

መልሱ አባባሉ የወጣበት ቦታ ላይ አለ፤ ለቅሶ ቤት። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ገጠር ለቅሶ ዝም ብሎ ማልቀስ አልነበረም። አልቃሽ ትጠራለች። ሙሾ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው እየተቀበለ ያለቅሳል፣ ደረት ይመታል። ዛሬ በከተማ ይህ እየቀረ ነው። ልማዱን የሚያውቁ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይነግሯችኋል። ጎበዝ አልቃሽ ሟቹን በሕይወት ሳለ አይታው ላታውቅ ትችላለች። ከሌላ ቀበሌ ተጠርታ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ሆኖም ገና አንድ ሁለት ስንኝ ስታወርድ እናት ከተቀመጠችበት ትነሳለች፣ ወንድም ፊቱን ይሸፍናል።

ይህን የምታደርገው በድምፅዋ ብቻ አይደለም። ሙሾ ከመጀመሯ በፊት ትጠይቃለች። ዘመዶቹን ጠጋ ብላ «ምን ዓይነት ሰው ነበር? ማንን አሳደገ? የፈረሱ ስም ማን ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ ያረሰው የትኛውን ማሳ ነው? ማንን ሳያይ ሞተ?» ትላለች። መልሱን ይዛ በስንኝ ታዋቅረዋለች። «ደግ ሰው ነበር» ብትል ማንም አያለቅስም። ደግ ሰው በየቀብሩ አለ። «የጎረቤቱ ማሳ ሳይታጨድ የራሱን ያላጨደ» ስትል ግን ያ ጎረቤት እዚያው ቆሟል። እሱ ሲያለቅስ ሌላው ይከተላል።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከሕዝብ አፍ የወጣውን ሙሾ አስቡት። ማዕረጋቸውን አይደረድርም፤ ድል ያደረጉበትን ቦታ ሁሉ አይቆጥርም። አፋፉን ይጠራል፣ ከዚያ የተሰማውን ጩኸት ይጠራል፣ አንድ ወንድ መሞቱን ይናገራል። በሁለት ስንኝ ያበቃል። እስከ ዛሬ ሰው በቃሉ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አባባሉ «ከልብ» ሲል ስሜቱን ብቻ አይደለም የሚለው፤ እኔ እንዲህ ነው የምረዳው። ልብ የሚያለቅስበት ነገር ይፈልጋል። አንድ ሥራ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ሲታወስ ነው እንባ የሚመጣው። የምስጋና ወረቀት ላይ ግን ስምና ማዕረግ ብቻ ይቀራል፤ ሥራው ወረቀቱ ላይ የለም። አመስጋኙ እያንዳንዱን ስም ሲያነብ ሥራው ለእሱ ይታወሰዋል። አድማጩ ግን የሚያስታውሰው የለውም።

የቋንቋችን አገነባብም ችግሩን ያባብሰዋል። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ለአቶ እገሌ፣ ለወይዘሮ እገሊት፣ ለኢንጂነር እገሌ፣ ለ…» እየተባለ ሲወርድ አድማጩ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ለመስማት የስሞቹን ሰልፍ እስከ ጫፍ መጠበቅ አለበት። አንድ ስም ከነማዕረጉና ከነአባቱ ሲጠራ 4 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። 30 ስም ሲሆን 2 ደቂቃ ነው። በዚያ 2 ደቂቃ ውስጥ ሰው መስማት አይተውም፤ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። «የእኔ ስም አለ? ከእኔ በፊት ማን ተጠራ? ያ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?» ይላል። ዝርዝር ሰውን ቆጣሪ ያደርጋል። 29 ሰው ጠርታችሁ ሠላሳኛውን ከረሳችሁ ቅሬታው ለዓመት ይቆያል። ሦስት ሰው ብቻ ከነሥራው ካነሳችሁ ግን ሌላው ራሱን እንደተዘለለ አያይም፤ ምክንያቱም ዝርዝር አልነበረም።

ይህን በአንድ ሰው ንግግር ላሳያችሁ። ጎረቤታችን እትዬ፣ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የመሸኛ ፕሮግራም ተዘጋጀላቸው። ንግግራቸውን እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትሉ፣ ዩኒት ሊደሮቹ፣ መምህራኑ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ ሒሳብ ሹሟ፣ ማባዣ ክፍል፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሁሉም በተራ አለ። ከእያንዳንዱ ሥር «ስላደረጉልኝ ትብብር ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ይላል።

«እትዬ፣ ይህች ሰባተኛዋ መምህርት ምን አደረገችልዎት?» አልኳቸው።

«እሷማ እህቴ ናት።»

«እሺ፣ ግን ምን አደረገች?»

ትንሽ አሰቡ። «እናቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የአምስተኛ ክፍል ሒሳቤን አስተምራልኛለች። ከሰዓት ያለኝን ፔሬድ በሙሉ። የራሷ ማረፊያ ሰዓት ነበር እኮ ልጄ። እኔ እናቴን በእጄ ያበላኋት በዚያ ሰዓት ነው።»

ንግግሩ ይሄው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አንድም ቃል አልነበረም።

በየስሙ ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው። ሰውየው በትክክል ምን አደረገ? ይህን ሲያደርግ ከራሱ ምን ቀረበት? እሱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? መልስ የመጣላቸው ስሞች ጥቂት ሆኑ፤ ከእነሱ ሦስቱን መረጥን። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሁሉ ይበልጣል። «ረዳችኝ» ሲባል ያልፋል። «ማረፊያዋን ሰጠችኝ» ሲባል ግን መምህር የሆነ ሁሉ ያ ማረፊያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ቀጥሎ ንግግሩን ወደ ሴትየዋ አዞርነው። «ለመምህርት እገሊት ምስጋናዬን አቀርባለሁ» የሚለው ስለ እሷ ለሌላ ሰው የሚነገር ነው። አዲሱ እንዲህ ሆነ፦ «አንቺ እህቴ፣ እናቴ የታመመች ጊዜ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ማረፊያሽን ሰጠሽኝ። ልጆቼ ሒሳብ አላመለጣቸውም። እናቴንም በእጄ አበላኋት። እግዜር ይስጥልኝ።» ጠቅላላው ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። መጨረሻው ላይ «አቀርባለሁ» ብለን ያልጻፍነው እሳቸው ቤታቸው ሲያመሰግኑ እንዲህ ስለማይሉ ነው። ሰው በየቀኑ በሚናገርበት ቃል ካመሰገነ ድምፁ አይለወጥም፤ አድማጭም ይህን ወዲያው ያውቃል።

ባለሥልጣኖቹስ? እነሱን መተው አይቻልም፤ ቅር ይላቸዋል፣ ትምህርት ቤቱም ይወቀሳል። መፍትሔው ቦታ መለየት ነው። የክብር ስሞች ወደ ንግግሩ መክፈቻ፣ ወደ ሰላምታው ሄዱ። «የተከበሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ርዕሰ መምህራችን፣ የተከበራችሁ እንግዶች» ተብሎ አለቀ። እዚያ ስማቸው የሚጠራው ስለተገኙ ነው፤ ውለታ ስለዋሉ አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ምስጋናው የፕሮቶኮል የሚመስለው።

የቀሩትን በሥራቸው ሰበሰብናቸው። «ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ታክሲ ድረስ የሸኛችሁኝ ጥበቃዎች፣ መብራት ሲጠፋ ፈተናዬን አምሽታችሁ ያባዛችሁልኝ» ተባለ። ስም የለም፤ ግን ጥበቃው ራሱን ያውቃል፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ያውቀዋል። ይሄ «ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ» ከሚለው ጋር አይገናኝም። ያኛው ማንንም አይነካም።

አንድ ታሪክ ግን አወጣን። ለሆስፒታሉ ገንዘብ ያበደራቸው ባልደረባ ነበር። እትዬ ሊያነሱት ፈልገው ነበር። የሰውን ችሮታ በአደባባይ መናገር ግን ሰጪውን ሊያሳፍር ይችላል፤ ሚስቱ የማታውቀው ሊሆን ይችላል፣ ነገ ሌላ ተበዳሪ ሊመጣበት ይችላል። ደውለው ጠየቁት። «ተይው እትዬ፣ እኔና አንቺ እናውቀዋለን» አላቸው። ጎበዝ አልቃሽም የሟቹን ገመና ትሰማለች፤ ወደ ሙሾው የምታስገባው ግን የሚነገረውን ብቻ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ የምፈትንበት ዘዴ አለኝ። ስሙን በጣቴ እሸፍናለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሰው ቢነበብም የሚያስኬድ ከሆነ ገና አልሞላም ማለት ነው። «ሁሌም ከጎኔ ነበርክ» ለማንም ይሆናል። «አንድ ሴሚስተር ማረፊያሽን ሰጠሽኝ» ግን ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ሌላው ምልክት ድምፅ ነው። እትዬ ቤት ሲለማመዱ ዝርዝሩን ሲያነቡ አንገታቸው ወረቀቱ ላይ ነበር። ስለ ሒሳቡ ክፍል ሲናገሩ ቀና አሉ፤ ያን ክፍል በቃላቸው ነበር የሚያውቁት።

ስለ እንባ አንድ ነገር ልጨምር። አባባሉ ማልቀስ አለባችሁ አይልም። ድምፅ ማንቀጥቀጥ፣ መሐረብ ማውጣት፣ እያለቀሱ ለመናገር መሞከር ትዝታውን ይሸፍነዋል። ሳግ ከመጣ ዝም ብሎ መቆም ይሻላል፤ አድማጭ ይጠብቃል። ካልመጣም ችግር የለም። ሥራው በትክክል ከተነገረ እንባው በአድማጩ በኩል ሊመጣ ይችላል።

በመድረኩ ላይ ያልተጠሩትን እትዬ አንድ በአንድ ደወሉላቸው፤ ከፕሮግራሙ በፊት ባለው ቀን። «ነገ ስምህን አልጠራም፣ ጊዜው አጭር ነው። ግን ያኔ ያደረግክልኝን አልረሳሁም» እያሉ። ለእያንዳንዱ ያደረገውን ነገሩት። ከእነሱ አብዛኞቹ በማግስቱ መጥተው ከፊት ተቀመጡ።