የሽንት ቤት ሳህን ቀለበት፦ በረኪና የማያስለቅቀው ለምንድን ነው? ከምንስ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም?

«በረኪና ደጋግሜ ባፈስበት ቀለበቱ ይለቃል።»

አይለቅም። በውሃው መስመር ዙሪያ የሚታየው ቀለበት ተራ እድፍ ሳይሆን ድንጋይ ነው። የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ማዕድናት ሟሙተውበት ይመጣል። ሳህኑ ውስጥ የቆመው ውሃ ቀስ በቀስ ሲተን ማዕድኑ እዚያው መስመሩ ላይ ይቀራል። ነገ ሌላ ስስ ሽፋን ይደረብበታል፣ ከነገ ወዲያም ሌላ። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ያው ነገር። ሽንት ውስጥ ያሉ ማዕድናትም በላዩ ይጋገራሉ። ሽፋኑ ሻካራ ስለሆነ ያገኘውን ቀለም ሁሉ ይይዛል፤ ቢጫ ወይም ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በረኪና ጎበዝ የሆነው በሁለት ነገር ነው፤ ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል። ድንጋይ አያሟሟም። ስለዚህ ካፈሰሳችሁ በኋላ ቀለበቱ ስለሚነጣ የጠፋ ይመስላችኋል። ጓንት አድርጋችሁ በጣት ብትዳስሱት ግን ሻካራነቱ እንዳለ ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ቀለሙን መልሶ ይይዛል።

ኖራን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ለቤት የሚበቁት ደግሞ ኮምጣጤና ሲትሪክ አሲድ ናቸው። ሲትሪክ አሲድ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው፤ በነጭ ዱቄት መልክ ይሸጣል። አሲዱ ኖራውን ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ትንንሽ አረፋ ካያችሁ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ለጽዳት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በረኪናው አልሠራ ሲል ሰው በላዩ ላይ አሲድ ይጨምርበታል።

«አንዱ ብቻውን ካልሠራ፣ ሁለቱን ስቀላቅላቸው ይጠነክራሉ።»

በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ውህድ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ተረጋግቶ የሚቀመጠው ፈሳሹ የአሲድ ተቃራኒ፣ ማለትም አልካላይን፣ ስለሆነ ነው። አሲድ ሲጨመርበት ያ ሚዛን ይፈርስና የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 በቤልጂየም ኢፕር አካባቢ የጀርመን ጦር በጠላት ምሽጎች ላይ የለቀቀው ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነበር።

ለዚህ የግድ ኃይለኛ አሲድ አያስፈልግም። ኮምጣጤም፣ ሲትሪክ አሲድም፣ የሽንት ቤት ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው አሲድም ያደርገዋል። ኃይለኛው አሲድ ጋዙን በፍጥነትና በብዛት ያወጣል፤ ልዩነቱ ይኼው ነው። ክሎሪን ከአየር ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ታች ይረጋል። ሽንት ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፤ የሚያጸዳው ሰውም ሳህኑ ላይ አጎንብሶ ነው የሚተነፍሰው።

ምልክቱን ለማወቅ አይከብድም። የመዋኛ ገንዳ የሚመስል ግን በጣም የበረታ ሽታ ይመጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሳል ይነሳል፣ ደረት ይጨንቃል። ያን ጊዜ ሁሉን ነገር ጥላችሁ ውጡ። «ትንፋሼን ይዤ ውሃ ልልቀቅበት» ብላችሁ አትመለሱ። ሌሎቹንም የቤቱን ሰዎች አስወጡና ንጹሕ አየር ያለበት ቦታ ሁኑ። ዓይን ካቃጠለ በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። ሳሉ ካልተወ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሐኪም ቤት መሄድ የግድ ነው። የሳንባ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል «አሁንማ ተሻለኝ» ብሎ መቅረት አደገኛ ነው።

በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። አሞኒያ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ አለ። ቆሞ የቆየ ሽንት ውስጥም አለ። ስለዚህ ውሃ ሳይለቀቅበት በቆየ ሳህን ላይ በረኪና አይፈስስም፤ መጀመሪያ ውሃ ይለቀቅ። በረኪናን ከአልኮልም ጋር አትቀላቅሉ። ኮምጣጤን ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር መቀላቀልም ቆዳና ሳንባ የሚያቃጥል ሌላ አሲድ ይሰጣል። አሲድ ያለበትን የሽንት ቤት ማጽጃ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ከሆነው ኮስቲክ ሶዳ ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ በኃይል ይሞቃል፣ ፊት ላይም ይፈናጠራል።

«እኔ ቀላቅዬ አላውቅም። በረኪና ያፈሰስኩት ትናንት ነው።»

ትናንት የፈሰሰው፣ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ውሃ ከተለቀቀበት፣ ታጥቦ ሄዷል። የሚያሰጋው ሌላ ቦታ የተቀመጠው ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚጣል ክኒን ወይም ሳህኑ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ማጽጃ ብዙ ጊዜ ክሎሪን አለው። እሱን የረሳ ሰው ሳህኑ ውስጥ ኮምጣጤ አፍስሶ ውሃ ሲለቅ፣ ሳያስበው ቀላቀለ ማለት ነው። በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚያድር ብሩሽም ያው ነው።

ስለዚህ አሲድ ከመንካታችሁ በፊት ክኒኑን ወይም ተንጠልጣዩን አውጡ። ብሩሹንና ማስቀመጫውን በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ልቀቁ። የማታውቁትን ማጽጃ ጀርባውን አንብቡ፤ ሃይፖክሎራይት ወይም ክሎሪን የሚል ካለበት ከአሲድ ጋር በአንድ ቀን አይገናኝም። እኔ እንዲያውም በረኪናና አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ባይቀመጡ እመርጣለሁ።

«ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲንተከተኩ ቆሻሻውን እየነቀሉ ነው።»

ይህኛው አይመርዝም፣ ግን ልፋት ነው። የሚንተከተከው ኖራው አይደለም፤ ሁለቱ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው። ሶዳው አሲዱን ያከሽፈዋል። አረፋው ሲያልቅ የሚተርፈው ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ ለቀለበቱ የሚሆን አሲድ አይተርፍም። ኮምጣጤውን ብቻውን ተጠቀሙበት።

«ኮምጣጤውን ብቻውንም ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አላመጣም።»

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኮምጣጤው አይደለም፤ ሳህኑ ውስጥ የቆመው ውሃ ነው። የቤት ኮምጣጤ 5 በመቶ ያህል አሲድ ነው ያለው። ሳህኑ ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ አለ እንበል። አንድ ኩባያ፣ ማለትም ሩብ ሊትር፣ ብታፈሱበት የአሲዱ መጠን ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። ያ ደግሞ ወፍራም ኖራን በአንድ ሌሊት አይበግርም።

ለምሳሌ ወራት የቆየ፣ ሲዳሰስ ወጣ ያለ ቡናማ ቀለበት አለ እንበል። መጀመሪያ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ውሃ ዝጉና አንድ ጊዜ ልቀቁ። የቀረውን ውሃ በብሩሽ እየገፋችሁ ወደ ቱቦው ስደዱት፤ መስመሩ ከቀለበቱ በታች እስኪወርድ ድረስ። ከዚያ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውሃ አሟሙ። የፈላ ውሃ አያስፈልግም። ሸክላው በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ በጣም ሲሞቅ አሲዱና ካልሲየሙ ተዋህደው ነጭ ዝቃጭ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ቀጥሎ የሽንት ቤት ወረቀት አጣጥፋችሁ ቀለበቱ ላይ ዙሪያውን ለጥፉና ፈሳሹን አርከፍክፉበት። ወረቀቱ አሲዱን ኖራው ላይ ይዞ ያቆየዋል፤ ያለሱ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ውሃው በሚወጣባቸው በጠርዙ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ላይም የራሰ ወረቀት ጠቅጥቁ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ለቤት ሰው ንገሩ። ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው።

ጠዋት ወረቀቱን በጓንት ሰብስባችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉ፤ ቱቦው ውስጥ አትክተቱት። ከዚያ በፕላስቲክ ብሩሽ ፈግፍጉና ዳስሱት። ለስላሳ ከሆነ አልቋል። ገና ሻካራ ከሆነ አሲዱ ተሟጦ ነው እንጂ ዘዴው አልከሸፈም። አዲስ ፈሳሽ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ወፍራም ኖራ በንብርብር ነው የሚለቀው። ስትጨርሱ ውሃውን ክፈቱና ሁለቴ ልቀቁ።

ከጠርዙ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ቀይ ቡናማ መስመር ካለ ግን እሱ ዝገት ነው። ሲትሪክ አሲድ ዝገትንም ያስለቅቃል። በረኪና እዚህ ላይ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት ይለውጥና እዚያው ያደርቀዋል።

«በሽቦ ብፈገፍገውስ? ይፈጥናል።»

ሽቦ የሸክላውን አንጸባራቂ ገጽ ይጭራል፣ ግራጫ የብረት መስመርም ይተውበታል። የተጫረ ቦታ ላይ የሚቀጥለው ኖራ በቀላሉ ይጣበቃል። የግድ መፈግፈግ ካለበት፣ አሲዱ ካለሰለሰው በኋላ የፕላስቲክ መፋቂያ ይበቃል። ፓሚስ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ድንጋይም ይሠራል፤ ድንጋዩም ሳህኑም እርጥብ ሆነው፣ ሳይጫኑ። ፕላስቲክ ሳህን ላይ ግን አትሞክሩት።

«አንዴ በደንብ ካጸዳሁት በኋላ አይመለስም።»

ውሃው ያው ውሃ ስለሆነ ይመለሳል፤ ግን ስስ ሳለ በቀላሉ ይለቃል። በሳምንት አንዴ ማታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ሳህኑ ውስጥ በትኖ ማሳደርና ጠዋት ፈግፍጎ ውሃ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በሳምንት ውስጥ ወፍሮ ከተመለሰ ማጠራቀሚያው እያፈሰሰ እንዳይሆን እዩ። ቀን ከሌት ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ አዲስ ማዕድን ያለማቋረጥ ያመጣል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጨምሩና ውሃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ የታችኛው ላስቲክ አይዘጋም፤ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው።