8 በመቶ አተረፈ የተባለው ሒሳብ ለምን ጎደለ?

የኢንቨስትመንት ሒሳብዎ ዓመቱን በ1,000 ብር ጀመረ እንበል። በስድስት ወር 20 በመቶ አድጎ 1,200 ሆነ። ያን ጊዜ 10,000 ጨመሩበት። በቀሩት ስድስት ወራት 10 በመቶ ወርዶ በ10,080 ተዘጋ።

ትርፍ የሚለካበት አንዱ መንገድ በጊዜ የተመዘነ ትርፍ ይባላል፤ ለገንዘቡ መጠን ግድ የለውም። ገንዘብ በገባ ወይም በወጣ ቁጥር ዓመቱን ይቆርጥና የየክፍሉን ውጤት ያባዛል፦ 1.2 × 0.9 = 1.08። ስለዚህ 8 በመቶ ትርፍ ይላል። እርስዎ ግን ያስገቡት 11,000 ነው፤ 920 የት ገባ?

ይህን የሚያየው ሌላው መለኪያ፣ በገንዘብ የተመዘነው ትርፍ ነው። በግምት ሲሰላ፣ አዲሱ 10,000 የቆየው ግማሽ ዓመት ስለሆነ እንደ 5,000 ይቆጠራል፤ ከመነሻው 1,000 ጋር 6,000 ይሆናል። 920 ለ6,000 ሲካፈል 15 በመቶ ገደማ ኪሳራ ይሆናል። ያወጡት ገንዘብም በዚሁ መንገድ ይቀነሳል።

የገንዘብ አስተዳዳሪውን ችሎታ የሚለካው ግን በጊዜ የተመዘነው ነው፤ 10,000ው መቼ እንደሚገባ የወሰኑት እርስዎ ነዎትና።