የጀርመን መንገድ ምልክቶች፦ ቅድሚያ የማን ነው፣ ከስር ያለችው ነጭ ሰሌዳስ ምን ትላለች

ጀርመን አዲስ የገባ ሾፌር በስልኩ ፎቶ አንስቶ "ይሄ ደሞ ምንድነው ሚለው" ብሎ ለወዳጁ የሚልከው ብዙ ጊዜ ትልቁን ምልክት ፈልጎ አይደለም። ትልቁን አገር ቤትም ያውቀዋል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ይከለክላል፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ስምንት ማዕዘኑ ቁም ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አንደኛው ቅድሚያ የማን እንደሆነ የሚናገሩት ምልክቶች ናቸው፣ በተለይ ደሞ ምንም ምልክት የሌለበት መስቀለኛ፣ ሁለተኛው ከትልቁ ምልክት ስር የተሰቀለችው ጥቁር ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ናት። አደጋውም ቅጣቱም ብዙ ጊዜ ከነዚህ ሁለቱ ነው የሚመጣው።

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው እዛ ኗሪ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ 6 ወር ይነዳበታል፣ ከዛ በኋላ ግን የጀርመኑን ፉረርሻይን ማውጣት አለበት፣ የጽሑፉን ፈተና ቴኦሪውንም የመንዳቱን ፕራክቲሹንም ተፈትኖ ማለት ነው። ቴኦሪው ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ይሰጣል፣ እንግሊዝኛ፣ አረብኛ፣ ቱርክኛ ሁሉ አሉ፣ አማርኛ የለም። ስለዚህ ሀበሻው በእንግሊዝኛ ወይ በአረብኛ ይፈተንና ያልፋል፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ሰሌዳው የተጻፈው በጀርመንኛ ብቻ ነው፣ በዛ ላይ በ50 እየነዱ የሚነበብ ነው።

ከቅድሚያው እንጀምር። ቢጫ ሆኖ ነጭ ጠርዝ ያለው፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ካያችሁ ፎርፋርትሽትራሰ ላይ ናችሁ፣ የቅድሚያ መንገድ ማለት ነው። ከግራም ከቀኝም የሚገባው ይጠብቃችኋል፣ ይሄም ለአንድ መስቀለኛ ብቻ ሳይሆን ያው ቢጫ ምልክት በጥቁር መስመሮች ተሰርዞ እስክታዩት ወይም ቅድሚያ ስጥ የሚለው ወይ የቁም ምልክት እስኪመጣባችሁ ድረስ ይቀጥላል። ቀይ ጠርዝ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ወፍራም ጥቁር ቀስት ወደ ላይ የቆመበት ሌላ ምልክት ደሞ አለ፣ እሱም ቅድሚያ ይሰጣችኋል ግን ለቀጣዩ መስቀለኛ ብቻ። እሱን አይቶ እስከ መንደሩ መጨረሻ ቅድሚያ የኔ ነው ብሎ የሚነዳ ሰው ሁለተኛው መስቀለኛ ላይ ይጋጫል።

ምንም ምልክት ከሌለስ? ያኔ ሬሽትስ ፎር ሊንክስ ነው፣ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው። የእናንተ መንገድ ሰፊ ቢሆን፣ እሱ ከጠባብ ሰፈር ቢወጣ፣ እሱ በሳይክል እናንተ በትልቅ መኪና ብትሆኑ ለውጥ የለውም። አገር ቤት ሰፊው መንገድ ላይ ያለ፣ ወይ ቀድሞ አፍንጫውን ያስገባ ያልፋል፣ እዛ ግን ከቀኝ ያለው ሾፌር እንደምትቆሙለት እርግጠኛ ሆኖ ሳያመነታ ነው የሚመጣው። በብዛት ይሄ የሚያጋጥመው ቴምፖ 30 ዞን ውስጥ ነው፣ ነጭ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ ክብ ውስጥ 30 ከስሩ "ዞነ" የሚል ተጽፎ ታዩታላችሁ፣ እዛ ሰፈር ውስጥ በየመስቀለኛው የቅድሚያ ምልክት አትጠብቁ፣ በየመታጠፊያው ወደ ቀኝ እያያችሁ መሄድ ነው።

ሬሽትስ ፎር ሊንክስ የማይሰራበትም አለ። ከቀኝ የሚመጣው ከግቢ ወይም ከፓርኪንግ የሚወጣ ከሆነ፣ ዝቅ ተደርጎ የተሰራ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ተሻግሮ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ቤት፣ ኳስ የያዘ ልጅ፣ ሰውና መኪና የተሳለበት ሰማያዊ ሰሌዳ ካለበት ሰፈር የሚወጣ ከሆነ ለሁሉም ጠብቆ ነው የሚወጣው። እዛ ሰማያዊ ሰሌዳ ውስጥ ራሱ ስትገቡ ደሞ በእግር እርምጃ ፍጥነት ነው የሚነዳው፣ ልጆች መንገዱ መሃል ቢጫወቱ መብታቸው ነው፣ መኪናም የሚቆመው ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር፣ የትራፊክ መብራቱ ላይ ወይም አጠገቡ ቅድሚያ ስጥ የሚል ሦስት ማዕዘን ተሰቅሎ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑ ነው። መብራቱ እየሰራ ከሆነ ከምልክቱ ይበልጣል፣ ሂዱ ካለ ሂዱ፣ ምልክቱ የሚሰራው መብራቱ ሲጠፋ ወይም ቢጫው ብቻ ብልጭ ድርግም ሲል ነው። ሌሊት ላይ ብዙ መብራቶች ስለሚጠፉ ያኔ ያ ሦስት ማዕዘን ሥራ ይጀምራል።

አሁን ወደ ነጯ ሰሌዳ እንምጣ። ደንቡ ነጯ ሰሌዳ ወዲያው ከላይዋ ያለውን ምልክት ብቻ ነው የምትገልጸው። አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ትልልቅ ምልክት ካለ የታችኛው ሰሌዳ የላይኛውን አይነካም። ይሄን ያወቀ ሰው ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ፎቶ ስታነሱ ምሰሶውን ሙሉውን ማንሳት ያለባችሁ፣ የታችኛዋ ተቆርጣ የቀረች ፎቶ ላይ ማንም ትክክለኛ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ለምሳሌ ቢጫው የቅድሚያ ምልክት ስር አራት ማዕዘን ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ወፍራም መስመር ሲታጠፍ፣ ቀጫጭን መስመሮች ደሞ ሲገናኙት ተስሎ ታያላችሁ። ይሄ ቅድሚያ ያለው መንገድ ራሱ ይታጠፋል ማለት ነው። ከታች የሚነሳው እናንተ ናችሁ፣ ወፍራሙን ተከትላችሁ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ ቅድሚያችሁ አብሯችሁ ይታጠፋል፣ ግን ፍሬቻ ማብራት ግዴታ ነው፣ መንገዱ ራሱ እኮ ነው የታጠፈው ማለት አይሰራም። ቀጥ ብላችሁ ቀጭኑ መስመር ላይ ከሄዳችሁ ፍሬቻ የለም። ፈታኞች ይሄን ቦታ ይወዱታል፣ መንጃ ትምህርት ቤቱ፣ ፋርሹለም ደጋግሞ ያስነዳችኋል።

ከጽሑፎቹ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው "ፍራይ" የሚለው ነው። ብዙ ሰው ነፃ፣ ክፍያ የለውም ብሎ ይረዳዋል፣ ምልክት ላይ ግን "ክልከላው እነዚህን አይመለከትም" ነው። ማንን እንደማይመለከት የሚናገረው ከፊቱ ያለው ቃል ነው። መሃሉ ነጭ የሆነ ቀይ ክብ፣ ማለትም ለማንኛውም ተሽከርካሪ የተከለከለ መንገድ፣ ከስሩ "አንሊገር ፍራይ" ካለ እዛ መንገድ ላይ ጉዳይ ያለው ይገባል። የሚኖረው ብቻ አይደለም፣ እዛ ያለ ጓደኛውን ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ዕቃ የሚያደርስ፣ እዛ ያለ ሱቅ ወይም ሐኪም ጋ የሚሄድ ሁሉ ይገባል። የማይገባው ለማቋረጥ ብቻ የፈለገ ነው። "ራድፌርኬር ፍራይ" ካለ ደሞ ሳይክል ተፈቅዷል፣ ይሄ በተለይ መግባት ክልክል በሚለው ምልክት ስር ካለ ልብ በሉ፣ ምክንያቱም ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ ሳይክሎች ከፊታችሁ በተቃራኒ ይመጣሉ፣ ጥፋተኞችም አይደሉም።

"ባይ ኔሰ" የምትል ሰሌዳ አውቶባን ላይ ከፍጥነት ገደብ ስር ትገኛለች፣ መንገዱ ውሃ ሲለብስ ብቻ ነው ገደቡ የሚሠራው ማለት ነው። የፊተኛው መኪና ጎማ ውሃ እየረጨ ከሆነ መንገዱ ርጥብ ነው ብላችሁ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ፓርኪንግ ነው፣ እሱን አንድ ፎቶ ይዘን እንየው። ምሰሶው በቀኛችን ነው፣ ላዩ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ ክብ በአንድ ቀይ መስመር የተሰረዘ፣ ውስጡ ወደ ግራ የሚያሳይ ትንሽ ነጭ ቀስት አለ። ከስሩ "ቬርክታግስ 7–18" ካጠገቡም ሰዓት የምትለዋ ኤች ፊደል አለች። ከዛ በታች ደሞ "በቮነር ሚት ፓርክአውስቫይስ ፍራይ"። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ መኪናችንን እዚህ ማቆም እንችላለን?

ከላይ እንውረድ። መስመሩ አንድ ስለሆነ ማቆም ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፣ ሁለት መስመር ተጠላልፎ ቢሆን ኖሮ ሰው ለማውረድ እንኳ አይቻልም ነበር። ባንድ መስመር እስከ 3 ደቂቃ መቆም፣ ሰው ማሳፈርና ማውረድ፣ ዕቃ ሳይዘገዩ መጫንና ማራገፍ ይቻላል፣ ቆልፎ ቡና ልጠጣ ብሎ መሄድ ግን ፓርኪንግ ነው። ቀስቱ ወደ መንገዱ ስለሚያሳይ ክልከላው የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ከመንገዱ ወደ ውጭ ቢያሳይ እዚህ አለቀ ማለት ነበር። ሰዓቱን ስናይ 18 ማለት በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ማታ ነው፣ 8 ሰዓት ደሞ በነሱ 14 ስለሆነ ውስጡ ነን። ቀኑስ? ብዙ ሰው የሚቀጣው እዚህ ጋ ነው፣ ቬርክታግስ ሲባል ከሰኞ እስከ አርብ ይመስለዋል፣ ቅዳሜ ግን ውስጡ ነው፣ የማይቆጠሩት እሁድና የሕዝብ በዓላት ናቸው። የመጨረሻዋ ሰሌዳ የሰፈሩን የፓርኪንግ ካርድ ለያዙ ነዋሪዎች ናት፣ እዛ ቤት ቡና ተጠርቼ ነው የመጣሁት ማለት አይረዳም፣ አንሊገር ላይ እንግዳ ይቆጠራል፣ በቮነር ላይ አይቆጠርም። ስለዚህ መልሱ አይቻልም ነው፣ ከማታ 12 ሰዓት በኋላ ወይ እሁድ ግን ይቻላል።

ቋሚ ያልሆነውም አለ። ሰው ቤት ሲቀይር ወይም መንገድ ሲቆፈር ተንቀሳቃሽ ምሰሶ ላይ ያው ክልከላ ይቆማል፣ ከስሩ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ ያልነበረ ምልክት በማግስቱ ሊኖር ይችላል። የጀርመን ፌዴራል የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2018 እንደወሰነው ምልክቱ ከቆመ ሙሉ 3 ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ፣ መኪናው ቢጎተት የመጎተቻውን ወጪ ባለቤቱን ማስከፈል ይቻላል፣ መጀመሪያ ሲቆም መኪናው በሕጋዊ መንገድ የቆመ ቢሆንም እንኳ። ለዕረፍት ወይም አገር ቤት ለመሄድ መንገድ ዳር ትቶ የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለጎረቤት ወይ ለጓደኛ ሰጥቶ፣ ቢያንስ በየሁለት ቀኑ እንዲያይለት መንገር አለበት።