ዓመታዊ ሪፖርት ከመታተሙ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አብሽር፣ ድምሩን ኤክሴል ነው የሠራው።»

ኤክሴል የሚደምረው በቀመሩ የተመለከተለትን ክልል ብቻ ነው። አንድ ቀበሌ ዘግይቶ የላከው ቁጥር ከዚያ ክልል ውጭ ከተጻፈ አይደመርም። እንደ ጽሑፍ የተቀመጠ ቁጥርንም `SUM` ዘልሎት ያልፋል። ወደ ወርድ የተገለበጠ ሰንጠረዥ ደግሞ ኤክሴሉ በኋላ ሲታረም አብሮ አይታረምም። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ያለውን ድምር በካልኩሌተር እንደገና ደምሩት።

«ቁጥሩ ከመቶኛው ጋር ከገጠመ ሌላ ምን ይፈተሻል?»

አንድ የደቡብ ወሎ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትን ለምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ዕቅዱ 1,500 አርሶ አደሮችን ማሠልጠን ነበር። ማጠቃለያው «1,204 ሠልጥነዋል፣ 80.3 በመቶ» ይላል። ምዕራፍ ሦስት ደግሞ «1,240፣ 82.7 በመቶ» ይላል። ሁለቱም መቶኛዎች በየገጻቸው ልክ ናቸው። ረቂቁን ገጽ በገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ምንም ስህተት አያይም።

ስህተቱ የሚታየው ቁጥሩን ይዛችሁ በሪፖርቱ ሁሉ ስትከተሉት ነው። አንድ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ዋና ቁጥር አንድ መስመር ስጡት። ከጎኑ በኃላፊው መልእክት፣ በማጠቃለያው፣ በምዕራፉ፣ በሰንጠረዡና በግራፉ ላይ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ መዝግቡ። ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ልዩነቱ 36 ነው፤ ለ9 ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ በሌላ ምክንያትም ሊገጥም ይችላል። ሰንጠረዡን ስናይ ወንድ 870፣ ሴት 370 ይላል፤ ድምሩ 1,240 ነው። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሥልጠናው የስም መቆጣጠሪያ ነው። «ሁለት ቦታ 1,240 ስላለ እሱን እናድርገው» ማለት አያዋጣም፤ ሁለቱም ከአንድ የተሳሳተ ምንጭ ተገልብጠው ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ሲታረም ከሱ የተሰሉትም ይከተላሉ። የሴቶች ድርሻ በ1,204 ሲሰላ 30.7፣ በ1,240 ሲሰላ 29.8 በመቶ ነው። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ዋናው ታርሞ ተከታዩ ይረሳል።

«አንድ ቃል ሲደጋገም ያሰለቻል፤ ቀያይረን እንጻፈው።»

ለወግ ጥሩ ነው፣ ለሪፖርት ግን ቁጥሩን ያጣምማል። ባልና ሚስት አብረው ከሠለጠኑ ሁለት አርሶ አደሮች ናቸው፣ ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። «1,240 አርሶ አደሮች» ሁለት ገጽ አልፎ «1,240 አባወራዎች» ከሆነ አንባቢው የትኛውን ይመን? ሴቶቹስ የት ገቡ? መሬትም እንዲሁ ነው። ቀበሌው በጥማድ ልኮ ሰንጠረዡ በሄክታር ከሆነ አራት ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ነውና፣ ሳይቀየር የገባ ቁጥር አራት እጥፍ ያብጣል።

ዓመቱም ቃል ነው። 2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለው ነው። «በ2016» ብሎ ብቻ መጻፍ መስከረም ላይ የሚጀምረውን ዓመት ያስመስላል።

«ሪፖርት ያለፈ ነገር ስለሆነ ሁሉም በኃላፊ ጊዜ ይጻፍ።»

የተሠራው ሥራ አዎ፤ «ሠልጥነዋል»፣ «ተሰራጭቷል» ይባላል። ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ ዛሬም ያለው የሰው ኃይል በአሁን ጊዜ፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በትንቢት ጊዜ ይጻፋል። በእኛ አካባቢ ትልቁ ፈተና በልግ ነው። እንደ ደሴ ዙሪያና ደላንታ ባሉ ወረዳዎች የበልግ ሰብል የሚሰበሰበው ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ነው፤ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ መሀል ላይ ይወድቃል። እስከ ሰኔ 30 የታጨደው «ተሰብስቧል» ይባል። በማሳ ላይ ያለው ግን «ይጠበቃል» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ። ሁለቱን በአንድ «ተሰብስቧል» ውስጥ ከጠቀለላችሁ ግምትን እንደ ምርት እየቆጠራችሁ ነው።

ሌላው ምልክት ከዘጠኝ ወሩ ሪፖርት የተገለበጠ አንቀጽ ነው። «በመሠራት ላይ ይገኛል» የሚለውን ሐረግ በወርድ መፈለጊያ ፈልጉትና ሥራው አልቆ እንደሆነ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ።

«ርዕሱን ዲዛይን የሚሠራው ያስተካክለዋል።»

እሱ የሚያስተካክለው መልኩን ነው። አንዱ ክፍል «የሥልጠና አፈጻጸም»፣ ሌላው «የተሰጡ ሥልጠናዎች» ብሎ እኩያ ርዕሶችን ለየብቻ ከሰየመ ያንን ማስተካከል የአርታዒው ሥራ ነው። ከርዕሱ ሥር ያለው ጽሑፍ ርዕሱ ያለውን መያዙንም አብራችሁ እዩ። ርዕሶቹን በ`Heading 1` እና `Heading 2` ካደራጃችሁ የወርድን `Table of Contents` ስታስገቡ ማውጫው ራሱ ይወጣል፤ ራሱ ግን አይታደስም። የመጨረሻው እርማት ከገባ በኋላ ማውጫውን መርጣችሁ `F9` ተጫኑ፣ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት።